ወኪልነቱ ሲያበቃ መጋዘን ውስጥ የቀረው የማን ነው?

«ከድርጅትዎ ጋር የነበረንን የአከፋፋይነት ውል ከዛሬ ጀምሮ ያቋረጥን መሆኑን እየገለጽን፣ እስካሁን ስለነበረን መልካም የሥራ ግንኙነት እናመሰግናለን።» ብዙ የውል ማቋረጫ ደብዳቤ ይኸው ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማ፣ ማህተም። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ግን መጋዘኑ ውስጥ ሺህ ከምናምን ካርቶን ብስኩት ተከምሯል። በየሱቁ የበተነው ዱቤ ከሚሊዮን ብር ያልፋል። ለፋብሪካው ያልከፈለው ደረሰኝ አለ፤ ፋብሪካው እጅ ደግሞ የእሱ የባንክ ዋስትና ተቀምጧል። ደብዳቤው ስለ እነዚህ ስለ አንዳቸውም ትንፍሽ አይልም። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ዝምታ የሚነሳ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍ በፊት የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፦ መጋዘን ያለው እቃ የማን ነው? በገበያው ቋንቋ ሁሉም «ወኪል» ይባላል፤ በሕግና በሂሳብ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው እቃውን ከፋብሪካ በራሱ ስም ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በራሱ ደረሰኝ የሚሸጥ ነው። እቃው የእሱ ነው፤ ሱቆቹ ያለባቸው ዱቤም የእሱ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካውን እቃ በአደራ ተረክቦ፣ በፋብሪካው ስም ሸጦ፣ ኮሚሽኑን የሚወስድ ነው። የእሱ መጋዘን የፋብሪካው መጋዘን ቅጥያ ነው፤ ደንበኞቹም ዕዳ ያለባቸው ለፋብሪካው ነው።

የውሉ ርእስ ብዙ ጊዜ አይረዳም። «የወኪልነት ስምምነት» ተብሎ ውስጡ ግዢና ሽያጭ የሆነ ውል ሞልቷል። ደረሰኙን ማየት ይሻላል። ፋብሪካው እቃውን ሲልክ የሽያጭ ደረሰኝ ቆርጦ ተጨማሪ እሴት ታክስ አስከፍሎ ከሆነ እቃው ተሽጧል፤ በእቃ ማውጫ ሰነድ ብቻ ልኮ ደረሰኙን የሚቆርጠው ሱቁ ሲገዛ ከሆነ እቃው አደራ ነው። ሌላው ምልክት እቃው ሲበላሽ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ኪሳራውን ማን ሲሸከም እንደኖረ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜም አለ፤ ብስኩቱ የተሸጠ፣ ፍሪጁና የማስታወቂያ መደርደሪያው ደግሞ በአደራ የተሰጠ ይሆናል። ያኔ ደብዳቤው ለየብቻቸው ሊናገር ይገባዋል።

ገዝቶ የሚሸጠውን አከፋፋይ እንውሰድ፤ በጣም የተለመደውም በጣም የሚያጣላውም እሱ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ አዲስ አበባ ያለ የብስኩት ፋብሪካ ሐዋሳ ላይ አከፋፋይ አለው እንበል። አከፋፋዩ ከሐዋሳ ሌላ ሻሸመኔ፣ ይርጋለምና ዲላ ድረስ ለ43 ሱቆችና ጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ያስረክባል። ፋብሪካው አሠራሩን ለመቀየር ወስኖ ውሉን ማብቃት ይፈልጋል። አከፋፋዩ ያጠፋው ነገር የለም፤ ውሉም ማንኛውም ወገን የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ማቋረጥ እንደሚችል ይላል።

«ያጠፋው ነገር የለም» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በማስጠንቀቂያ ውልን ማብቃት አንድ ነገር ነው፤ «ውሉን ጥሰሃል» ብሎ መሰረዝ ሌላ። ለሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 አስቀድሞ ግዴታህን ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። ጸሐፊዎች ግን ሁለቱን አንድ ደብዳቤ ላይ ማደባለቅ ይወዳሉ፤ «በውሉ አንቀጽ እንትን መሠረት» ብለው ይጀምሩና ወረድ ብለው «የሽያጭ ዕቅድዎን ባለማሳካትዎ፣ በተደጋጋሚ ቢነገርዎም...» እያሉ ወቀሳ ያወርዳሉ። ያቺ ወቀሳ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ አከፋፋዩንም ወደ ጠበቃ ትልካለች። በማስጠንቀቂያ መውጣት የሚችል ሰው ምክንያት ባይዘረዝር ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን እንዲሆን ተደርጎ ይጻፋል፤ ከተጻፈበት ቀን ከሆነ መንገድ ላይ የባከነው ቀን ያጣላል። በእጅ ከተሰጠ ቅጂው ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የድርጅቱ ማህተም ያርፍበታል። አልቀበልም ካለ በሪኮማንዴ ፖስታ ተልኮ ደረሰኙ ይያዛል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ለመረጃ ያህል ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በምሳሌያችን ደብዳቤው ግንቦት 1 ቀን ደረሰ፤ ግንቦትም ሰኔም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸውና ሐምሌ 1 ውሉ ያበቃል። «ሁለት ወር» ወይም «ሦስት ወር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ጳጉሜን መሐል ላይ ስትገባ ጭቅጭቅ ይገዛል። ቀኑን ቆርጦ፣ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል፦ ሐምሌ 1፣ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 8።

በእነዚህ 60 ቀናት ውስጥ ሁለት ያልተጻፉ ብልጠቶች ይፈጸማሉ። ፋብሪካው ደብዳቤውን ሊያወጣ ሲል «ዋጋ ሊጨምር ነው፣ ውሰድ» ብሎ አከፋፋዩ ላይ እቃ ይጭንበታል። ወይም በተቃራኒው፣ አከፋፋዩ ፋብሪካው ቀሪውን እቃ እንደሚመልስለት ካወቀ፣ አዲሱ ወኪል ከመግባቱ በፊት ገበያውን ለማጥለቅለቅ ከልክ በላይ ያዛል። ሁለቱም የሚታዩት በግዢ መዝገቡ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ግዢ ካለፈው ዓመት ወርኃዊ አማካይ ጋር ማስተያየት በቂ ነው። ደብዳቤውም ለዚህ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የሚሰጥ ትእዛዝ ከወርኃዊው አማካይ አይበልጥም፤ የመጨረሻው ትእዛዝ የሚቀርበው እስከ ሰኔ 15 ነው።

ፋብሪካው ቀሪውን እቃ መልሶ የመግዛት ግዴታ አለበት? እቃው የተሸጠ ከሆነና ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ አከፋፋዩ «ውሰዱልኝ» ብሎ የማስገደድ መብት አለኝ ቢል ብዙ አያስኬደውም። ፋብሪካው በበኩሉ የሸጠውን እቃ «አምጣ» ማለት አይችልም። ግን ሁለቱም መስማማቱ ይጠቅማቸዋል። እቃ መሐሉ ላይ የቀረበት አከፋፋይ ምን ያደርጋል? በወደቀ ዋጋ ይበትነዋል። በካርቶን መቶ ብር ቀንሶ ሻሸመኔ ላይ ሲያራግፍ አዲሱ ወኪል በመጀመሪያው ሳምንቱ ገበያው ተበላሽቶ ይጠብቀዋል። መልሶ መግዛት ለፋብሪካው የገበያ ዋጋን መጠበቂያ ነው፤ ብዙዎቹ የሚስማሙትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቆጠራው። የሚቆጠረው ውሉ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሽያጭ ተዘግቶ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ባለበት ነው። በእኛ ምሳሌ ሰኔ 29 እና 30። የአከፋፋዩ ንብረት ያዥ፣ የፋብሪካው የሽያጭ ሰውና አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ይገኛሉ። ካርቶን ቆጥሮ መውጣት አይበቃም፤ የምርቱ ዓይነት፣ ባች ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ቀን እና ካርቶኑ የተገዛበት ደረሰኝ ቁጥር በየመስመሩ ይሰፍራል። ከመጋዘን ካርዱ ጋር የማይገጥም ነገር ካለ እዚያው ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ሦስቱም እያንዳንዱን ገጽ ይፈርማሉ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ከፈረሙ መሐሉ ላይ ያለው ገጽ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ የተፈራውን ያህል ብርቅ አይደለም።

የብስኩት ነገር ከቀን ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚህ ላይ ለየት ያለ ወጥመድ አለ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ውሉና ደብዳቤው ደግሞ በእኛ ወር ይናገራሉ። «ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ዕድሜ የቀረው እቃ በሙሉ ዋጋ ይመለሳል» የሚል ደብዳቤ ተጻፈ እንበል። ከጁላይ 7 ሦስት ወር ሲቆጠር ኦክቶበር 7 ይሆናል። ከሰኔ 30 ሦስት ወር ሲቆጠር ግን መስከረም 30 ነው፤ ጳጉሜን አምስት በሆነችበት ዓመት ይህ ኦክቶበር 10 ላይ ይውላል። ኦክቶበር 8 የሚያበቃ ባች የትኛው ክምር ውስጥ ይገባል? ሦስት መቶ ካርቶን በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ሊያከራክር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ካርቶኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ኦክቶበር 7 ወይም ከዚያ በኋላ የሆነ» ብሎ መጻፍ።

በምሳሌያችን 1,840 ካርቶን ተቆጠረ። ከእነዚህ ውስጥ 1,420ው ዕድሜ የቀረው፣ ማሸጊያው ያልተነካ ነው። 310ሩ ሦስት ወር ያልሞላ ዕድሜ የቀረው ነው። 110ሩ ደግሞ ወይ ቀኑ አልፏል ወይ አይጥና እርጥበት ነክቶታል። ስምምነቱ ለመጀመሪያው ሙሉ የግዢ ዋጋ፣ ለሁለተኛው 60 በመቶ፣ ለሦስተኛው ምንም ነው። የመጨረሻው ክምር ተመልሶ ገበያ እንዳይገባ የከተማው የጤና ተቆጣጣሪ ባለበት ተወግዶ ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፤ ያለዚያ ያው ካርቶን ነገ ገጠር ገበያ ላይ ይገኝና ስሙ የሚጠፋው የፋብሪካው ይሆናል።

«የግዢ ዋጋ» ማለት የትኛው ዋጋ ነው? ድሮ ይህ ጥያቄ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን የብዙ እቃ ዋጋ ከወር ወር ሲለዋወጥ ሰንብቷል። አከፋፋዩ ካርቶኑን በ900 ብር ገዝቶ፣ ዛሬ ፋብሪካው 1,050 ብር የሚሸጠው ከሆነ፣ በ1,420 ካርቶን ላይ ልዩነቱ 213,000 ብር ነው። ፋብሪካው «በገዛህበት እመልሳለሁ» ይላል፤ አከፋፋዩ «ዛሬ በዚያ ዋጋ ማን ይሰጠኛል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ነው የሚያስኬደው፤ የሚረጋገጥ ነውና። ነገር ግን ዋጋ እየወጣ ባለበት ገበያ አከፋፋዩ የመመለስ ግዴታ ሊጣልበት አይገባም። እየመረጠ፣ ፈጥኖ የሚሸጠውን በማስጠንቀቂያው ጊዜ ይሽጥ፤ የቀረውን ይመልስ። ደብዳቤው «ይመልሳል» ከሚል «መመለስ ይችላል» ቢል በዚህች አንዲት ቃል ብዙ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል።

ሂሳቡ እንዲህ ይወጣል። 1,420 በ900 ሲባዛ 1,278,000 ብር። 310 በ540 ሲባዛ 167,400 ብር። ድምሩ 1,445,400። እቃው ሲሸጥ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተከፍሎበታልና ሲመለስም ታክሱ አብሮ ይመለሳል፤ 216,810 ብር። ጠቅላላው 1,662,210 ብር ሆነ። ታክሱን ግን በቃል ማስላት አይበቃም። ፋብሪካው የክሬዲት ኖት ሰነድ ይሰጣል፣ ሁለቱም በዚያው ወር የታክስ ማስታወቂያቸው ላይ ያስተካክላሉ። ይህ ሳይደረግ እቃው በመኪና ተጭኖ ከሄደ፣ የታክስ ኦዲተር ሲመጣ አከፋፋዩ የገዛው 1,730 ካርቶን የት እንደደረሰ ማስረዳት ይቸግረዋል፤ «ሳይደረሰኝ ሸጠሃል» መባሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ዕዳው። አከፋፋዩ ለፋብሪካው ያልከፈላቸው ደረሰኞች ድምር 2,100,000 ብር ነው። ፋብሪካው ደግሞ ለአከፋፋዩ ያልከፈለው 185,000 ብር አለ፤ ለሱቆች «በአስር ካርቶን አንድ ነፃ» ተብሎ ከአከፋፋዩ ኪስ የወጣና ፋብሪካው እተካለሁ ያለው። ከ2,100,000 ላይ 1,662,210 እና 185,000 ሲቀነስ አከፋፋዩ የሚከፍለው 252,790 ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕዳን በዕዳ ማቻቻልን ይፈቅዳል፤ ሁለቱም መጠናቸው የታወቀና መክፈያቸው የደረሰ ሲሆን። የቆጠራው ነገር እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ያልተቆጠረ እቃ መጠኑ ያልታወቀ ገንዘብ ነው። አከፋፋዩ «መጋዘኔ ውስጥ ያለው ይበልጣል» ብሎ ክፍያ ቢያቆም፣ ፋብሪካው የተፈረመ የቆጠራ ሰነድ ባለመኖሩ 2,100,000ውን ሙሉውን ይጠይቃል፤ ባንክ ሄዶም ዋስትናውን ያስከፍላል።

ዋስትናውን ደብዳቤው በስሙ ሊጠራው ይገባል፤ የባንኩ ስም፣ የሰነዱ ቁጥር፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን። ብዙ ውል ላይ የባንክ ዋስትናው ቀርቶ በምትኩ ቀን ያልተጻፈበት ወይም የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይያዛል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ቼክ ባንክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ «ለዋስትና ብቻ የተሰጠ» መባሉ ባንኩ መስኮት ላይ አይታይም። ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል። ስለዚህ አከፋፋዩ ለደብዳቤው በሚሰጠው መልስ ላይ የእያንዳንዱን ቼክ ቁጥር ዘርዝሮ፣ ቀሪው ሂሳብ በተከፈለ ዕለት ዋናው ቼክ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ቅጂ መመለስ፣ «ቀደነዋል» የሚል ቃል መስጠት፣ አይሆንም።

አሁን የቀረው የሰው ነገር ነው፤ ሱቆቹ። 43ቱ ደንበኞች ለአከፋፋዩ በጠቅላላው 1,360,000 ብር አለባቸው። ገዝቶ የሚሸጥ አከፋፋይ ስለሆነ ገንዘቡ የእሱ እንደሆነ አያጠያይቅም። ችግሩ ሌላ ነው። የዱቤ ሥራን የሚያስኬደው ሱቁ ነገ እንደገና እቃ ስለሚፈልግ ነው፤ የትናንቱን ሳይከፍል የነገውን አያገኝም። «እገሌ ወኪልነቱን ለቀቀ» የሚል ወሬ ሻሸመኔ በደረሰ ማግስት ይህ ማስገደጃ ይጠፋል። ሰብሳቢው ሲሄድ «ጋሼ፣ ሰሞኑን እጅ አጥሮኛል፣ ሰኞ ብቅ ይበሉ» ይባላል። ሰኞ ሲመጣ ባለሱቁ ራሱ የለም። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ዕዳ በአጠቃላይ የአስር ዓመት ይርጋ ይሰጣል፤ ግን 18,000 ብር ያለበትን የይርጋለም ሱቅ ማን ጠበቃ ቀጥሮ ይከሳል?

ከዚህ የባሰም አለ። የፋብሪካው የሽያጭ ሰው ከአዲሱ ወኪል ጋር ሱቆቹን ሲዞር «የድሮውንም ለእኛ ብትሰጡ ይሻላል» ይል ይሆናል። ባለሱቁ ለአዲሱ ወኪል ከፍሎ ደረሰኝ ከያዘ በኋላ የድሮው ሲመጣ ሁለት ጊዜ አልከፍልም ይላል። ሕጉ ዕዳን ለሌላ ማስተላለፍን ይፈቅዳል፤ የባለዕዳው ፈቃድም አያስፈልግም። ነገር ግን ስለ ማስተላለፉ ያልተነገረው ባለዕዳ ለድሮው ባለገንዘብ በቅን ልቦና ቢከፍል ነፃ ይወጣል። ምንም ሳይተላለፍ ለአዲሱ የከፈለ ሱቅ ግን ያን ያህል ጥበቃ የለውም። ባለሱቁ ይህን አያውቅም፤ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ይገባዋል፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ ለማንም አይከፍልም።

ስለዚህ ወሬው ሳይሆን ደብዳቤ ይቅደም። ከውል ማቋረጫው ጋር አብሮ ለደንበኞች የሚሄድ አጭር ማስታወቂያ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ይወጣል። ይዘቱ ይህን ያህል ነው፦

«ለክቡር ደንበኛችን፤ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ከአከፋፋያችን በዱቤ የወሰዱት ቀሪ ሂሳብ ብር ........ መሆኑን መዝገባችን ያሳያል። ይህ ሂሳብ የሚከፈለው ለአከፋፋዩ ብቻ ሲሆን፣ በሕጋዊ ደረሰኙ ወይም ከዚህ በታች በተገለጸው የባንክ ሂሳቡ ገቢ ይደረጋል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ አዲስ ትእዛዝ የሚቀበልዎትን ድርጅት ፋብሪካው ያሳውቅዎታል። በሂሳቡ ላይ ልዩነት ካለዎት በ15 ቀን ውስጥ እንዲገልጹልን እንጠይቃለን።»

በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ የውሉ መቋረጥ ምክንያት የለም፤ ለሱቁ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የሁለት ወገን ማህተም ነው። ፋብሪካው «ለአከፋፋዩ ብቻ ክፈሉ» ብሎ ሲፈርም የሽያጭ ሠራተኛው የራሱን ወሬ የሚያወራበት ቦታ ይጠፋል። ፋብሪካዎች እዚህ ላይ «የእናንተ ዱቤ ምናችን ነው?» ይላሉ። ምናቸው እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አከፋፋዩ 252,790ውን የሚከፍለው ከዚሁ ገንዘብ ነው። የበለጠ የሚያስኬድ አሠራርም አለ፤ ፋብሪካው እስከ መስከረም 30 ድረስ አሮጌ ዱቤውን ላልጨረሰ ሱቅ በአዲሱ ወኪል በኩል በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ እቃ እንዳይሰጥ መስማማት። ማስገደጃው ለሦስት ወር ይመለሳል ማለት ነው። አዲሱ ወኪል አይወደውም፤ እሱም ቢሆን ግን የሌላ ሰው ዕዳ የማይከፍል ሱቅ የእሱን እንደማይከፍል ያውቃል።

መልሶቹ ሲመጡ የሚታየው ሥዕል ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው። በእኛ ምሳሌ 30 ሱቆች 1,010,000 ብር አምነው ፈረሙ። አምስቱ 140,000 ብር እያለባቸው ዝም አሉ። ስምንቱ ግን የ210,000 ብር ሂሳብ ላይ «ልዩነት አለን» አሉ፤ ሲመረመር የልዩነቱ ምንጭ ሁለት ነው። አንዱ ያው «በአስር አንድ ነፃ» ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኛ በቃል ቃል ገብቶ አከፋፋዩ ያልሰጠው። ሌላው ሱቁ መደርደሪያ ላይ ቀኑ ያለፈ እቃ ነው፤ «ይኼን ሳትወስዱልኝ አልከፍልም» የሚባልበት። መጋዘን ውስጥ ያለውን ብቻ ቆጥሮ የተጻፈ ደብዳቤ ይህን ይዘላል። ሁልጊዜ ቀኑ ያለፈ እቃ ከሱቅ ሲቀየርላቸው ከኖረ ሱቆቹ ለዚያ ልማድ ነው የገዙት። እስከ ሐምሌ 1 የተሸጠውን የሚቀይረው ማን ነው፣ እስከ መቼ? ፋብሪካው ቀደም ሲል ይተካ ከነበረ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል ተብሎ ይጻፋል፤ ባች ቁጥሩ የማን እንደሆነ ስለሚለይ ከአዲሱ ወኪል እቃ ጋር አይደባለቅም።

አንዳንድ ጊዜ አከፋፋዩ ጥሬ ገንዘብ ስለሌለው «ያለብኝን ከሱቆቹ ዱቤ ውሰዱ» ይላል። ይቻላል፤ ግን ያመኑትን ሱቆች ሂሳብ ብቻ፣ ሙሉ ሙሉውን ማስተላለፍ ነው የሚሻለው። የአንድን ሱቅ ዕዳ ለሁለት ሰው ከፍሎ ማስተላለፍ ባለሱቁን ሁለት ሰብሳቢ ያመጣበታል። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ተለይቶ ይጻፍ፦ ሱቁ ባይከፍል ዕዳው ወደ አከፋፋዩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ፋብሪካው «ተቀብያለሁ» ብሎ ከስድስት ወር በኋላ «አልተሰበሰበም፣ ክፈል» ሲል የሚመጣው ጠብ ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

የማቋረጫ ደብዳቤው እነዚህን ሁሉ ሲሸከም ረዝሞ አሥር ገጽ ይሆናል ማለት አይደለም። ቁጥር፣ ቀንና ጉዳዩ ከላይ ከሰፈሩ በኋላ ገላው አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ይበቃዋል፤ የቆጠራው ዝርዝርና የደንበኞች ሂሳብ በአባሪ ይያያዛል። ስለ እቃውና ስለ ዱቤው የሚናገረው ክፍል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውሉ ሐምሌ 1 ቀን የሚያበቃ በመሆኑ፣ ሰኔ 29 እና 30 በመጋዘንዎ የጋራ ቆጠራ ይደረጋል። በቆጠራው የሚገኘውንና ማሸጊያው ያልተነካውን እቃ፣ የታተመው ማብቂያ ቀኑ ኦክቶበር 7 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ በተገዛበት ደረሰኝ ዋጋ፣ ከዚያ በፊት ከሆነ በዋጋው 60 በመቶ፣ እርስዎ ከፈለጉ መልሰን እንገዛለን። የማጓጓዣው ወጪ የእኛ ነው። የእቃው ዋጋ ከነታክሱና እስከዚያ ቀን የሚፈለግብን የሽያጭ ማበረታቻ ገንዘብ ካለብዎት ቀሪ ሂሳብ ላይ ተቻችሎ ልዩነቱ እስከ ሐምሌ 30 ይከፈላል። ለደንበኞች በዱቤ የሰጡት ገንዘብ የእርስዎ መሆኑን እያረጋገጥን፣ ሠራተኞቻችንም ሆኑ አዲሱ አከፋፋይ እንዳይሰበስቡት እናደርጋለን።»

ግልባጩ ለማን ይሂድ የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለፋብሪካው ሂሳብ ክፍል፣ ለሽያጭ ክፍልና ለመጋዘን ይሂድ፤ ሽያጭ ክፍሉ ሳያውቀው እቃ መላኩን የቀጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። ለባንኩ ግን ዋስትናውን ለማስከፈል ካልታሰበ ግልባጭ መላክ አከፋፋዩን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። አከፋፋዩ ደግሞ በፋብሪካው ስም ጨረታ የሚገባበት ወይም ቼክ የሚቀበልበት ውክልና ተሰጥቶት ከነበረ ደብዳቤው ብቻውን አይሽረውም። ውክልናውን ያዩ ሦስተኛ ወገኖች ስለ ደብዳቤው አያውቁምና፣ ውክልናው በተሰጠበት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል መሻሪያው ይሞላል።

ደብዳቤው የደረሰው አከፋፋይም ዝም ማለት የለበትም። በሳምንት ውስጥ መልስ ይጻፍ፤ የሚቀበለውን ይቀበል፣ በማይቀበለው ላይ የራሱን ቁጥር ይጻፍ። የ185,000ውን ማበረታቻ በመጀመሪያው መልሱ ላይ ያላነሳ ሰው በመጨረሻው የሂሳብ መተማመኛ ላይ ሲያነሳው «ከየት መጣ?» ይባላል።

የመጨረሻው ሰነድ የሂሳብ መዝጊያ ቃለ ጉባኤ ነው፤ «ከዚህ በኋላ አንዳችን ከሌላችን የምንጠይቀው የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የምትገኘው እዚያ ላይ ነው። ለፊርማ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ 252,790 ብሩ በተከፈለ ዕለት ነው። አከፋፋዩ ግን የክሬዲት ኖቱ ወጥቶ፣ የ110ሩ ካርቶን መወገጃ ተፈርሞ፣ የባንክ ዋስትናው ዋና ሰነድ ወይም ቼኮቹ እጁ እስኪገቡ ድረስ እስክሪብቶውን ማንሳት የለበትም።